በፎቶ የደረሰ ወርክሺት ላይ ያለ የኮምፕሌክስ ቁጥር፦ ሞዱለሱን፣ አርጉመንቱንና ሦስቱንም ኩብ ሩቶች ማውጣት

ጅማ ውስጥ ለአስራ አንደኛ ክፍልም ሆነ ለፍሬሽማን ተማሪ ወርክሺት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በቴሌግራም ነው። አንዱ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለክፍሉ ግሩፕ ይልካል፣ የቀረው ከስክሪን ላይ እያየ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ኮምፕሌክስ ቁጥር ላይ ግን ይህ አካሄድ የራሱ አደጋ አለው። አንዲት የመቀነስ ምልክት ከጠፋች ሦስቱም ኩብ ሩቶች ይለወጣሉ፤ ሞዱለሱ ግን ምንም አይሆንም። የመልሱ ግማሽ ትክክል ስለሚሆን ተማሪው ቀሪውንም ያምናል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዘን ከፎቶው አነባበብ እስከ መጨረሻው ማረጋገጫ እንሄዳለን። ወርክሺቱ ላይ ያለው ቁጥር ይህ ነው፦

```
z = -4√3 - 4i
```

ጥያቄው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የ z ን ሞዱለስ፣ የ z ን አርጉመንት፣ እና ሁሉንም የ z ኩብ ሩቶች በ a + bi መልክ።

ፎቶውን ማንበብ

ካልኩሌተር ከመንካታችሁ በፊት ፎቶውን አሳድጉና ቁጥሩን ምልክት በምልክት አንብቡት። እዚህ ቁጥር ላይ ሊያሳስቱ የሚችሉ ቦታዎች አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚታወቁበት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ከፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ነው። ከ z = ቀጥሎ ስለሚመጣ ከእኩል ምልክቱ ጋር ይጠጋል፤ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። በተቃራኒው፣ ወረቀቱ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የከረመ ከሆነ የእጥፋቱ መስመር በፎቶ ላይ ልክ እንደ መቀነስ ምልክት ጠቆር ብሎ ይታያል። ሁለቱን ለመለየት መስመሩን በዓይናችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከተሉት። እጥፋት ከሆነ ከቁጥሩ አልፎ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይቀጥላል፣ ሌሎች ፊደሎችንም ያቋርጣል። የመቀነስ ምልክት ከሆነ ግን ሁለቱም ጫፎቹ ጥርት ብለው ይቆማሉ፣ ቁመቱም ከእኩል ምልክቱ መስመሮች ጋር ይቀራረባል።

ሁለተኛው ከራዲካሉ ፊት ያለው 4 ነው። ይህ 4 የ√3 አባዢ ነው ወይስ "አራተኛ ሩት" የሚለውን የሚያሳየው ትንሹ ቁጥር? ልዩነቱ በመጠንና በቦታ ይታወቃል። አባዢ ከሆነ መስመሩ ላይ ይቆማል፣ መጠኑም ከ i ፊት ካለው 4 ጋር እኩል ነው። የሩት ቁጥር ከሆነ ግን አንሶና ከፍ ብሎ በራዲካሉ ክርን ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱን 4ዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ ጥርጣሬው ይፈታል።

ሦስተኛው የራዲካሉ ጣሪያ የሚያበቃበት ቦታ ነው። ጣሪያው 3 ላይ ያበቃል ወይስ እስከ 4i ድረስ ይዘልቃል? ይህ ሩቅ የሚመስል ጥርጣሬ እንዳይመስላችሁ። 3 - 4i የ 2 - i ስኩዌር ስለሆነ -4√(3 - 4i) የሚለውም ጥያቄ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ "እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም" ብላችሁ ሳይሆን የጣሪያውን ጫፍ አይታችሁ ወስኑ።

አራተኛው i ነው። ነጥቡ በደበዘዘ ፎቶ ላይ ስለሚጠፋ 4i የሚለው 41 ይመስላል። ይህኛው ቀላል ነው፤ ጥያቄው አርጉመንትና ኩብ ሩት እየጠየቀ ቁጥሩ i ከሌለው መጠርጠር ያለበት አነባበባችሁ ነው።

ፎቶው ራሱ መጥፎ ከሆነ ከመገመት ይልቅ እንደገና እንዲላክ መጠየቅ ይሻላል። ላኪው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ስለሚጨመቅ መጀመሪያ የሚጎዱት እንዲህ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ፎቶው በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ስልኩ ከወረቀቱ በላይ ቀጥ ብሎ ቢነሳ ጥሩ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ በፍላሽ የተነሳ ፎቶ መሃሉ ነጭ ሆኖ ስለሚያበራ በእርሳስ የተጻፈውን ያጠፋዋል። ገጹን በሙሉ አንዴ ካነሳችሁ በኋላ የጥያቄውን መስመር ብቻ ቀረብ ብላችሁ ሌላ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ከዚያ ያነበባችሁትን ደብተር ላይ በሁለት ከፍላችሁ ጻፉት፦

```
x = -4√3 ≈ -6.9282
y = -4
```

y ላይ i አይጻፍም። ኢማጂናሪ ክፍሉ -4 ነው እንጂ -4i አይደለም። i ን ይዞ ወደ ሞዱለስ ቀመር የገባ ተማሪ (-4i)² = -16 ያገኝና መልሱ ይበላሽበታል።

ሞዱለስ

ሞዱለስ ማለት ነጥቡ (x, y) ከመነሻው (0, 0) ያለው ርቀት ነው፤ r ብለን እንጠራዋለን።

```
r = √(x² + y²)
r = √((-4√3)² + (-4)²)
r = √(48 + 16) = √64 = 8
```

(-4√3)² ላይ ሁለቱንም ስኩዌር ማድረግ ያስፈልጋል፦ 16 × 3 = 48። 4ቱን ብቻ ወይም 3ቱን ብቻ ያሰበ ሰው ሌላ ቁጥር ያገኛል። በካልኩሌተር ስትሠሩ አሉታዊውን ቁጥር በቅንፍ አስገቡ። ቅንፍ ከሌለ ካልኩሌተሩ መጀመሪያ ስኩዌር አድርጎ ከዚያ በኋላ ነው የመቀነስ ምልክቱን የሚያደርገው፤ ስለዚህ አሉታዊ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሩቱ ላይ ስትደርሱ `Math ERROR` ካያችሁ ምክንያቱ በአብዛኛው ይሄ ነው፤ ስኩዌሮች ሲደመሩ አሉታዊ ሊሆኑ አይችሉም።

8 መሆኑ ለአነባበባችን ጥሩ ማስረጃ ነው። የ8 ኩብ ሩት ልክ 2 ስለሆነ የኩብ ሩት ጥያቄ የሚያወጣ መምህር የሚመርጠው ዓይነት ቁጥር ነው። ራዲካሉን ሳናይ 4 × 3 ብለን ብናነብ ኖሮ √160 ≈ 12.65 እናገኝ ነበር። ጣሪያውን እስከ 4i ብንዘረጋው √80 ≈ 8.94 ይሆናል፤ 4ቱን የሩት ቁጥር ብናደርገው ደግሞ 4.21 ገደማ። ሞዱለሱ እንዲህ ሸካራ ሆኖ ሲወጣ ወደ ፎቶው ተመለሱ። ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት ግን አይደለም፤ አንዳንድ ጥያቄ ሆን ተብሎ ሸካራ ቁጥር ይሰጣል።

ሞዱለስ ፈጽሞ የማይነግራችሁ ነገር የ x ን እና የ y ን ምልክት ነው። 4√3 + 4i፣ -4√3 + 4i፣ -4√3 - 4i፣ 4√3 - 4i፤ የአራቱም ሞዱለስ 8 ነው። የጠፋች የመቀነስ ምልክት እዚህ ደረጃ ላይ ሳትታወቅ ታልፋለች።

አርጉመንት

አርጉመንት θ ማለት ከአዎንታዊው x አክሲስ ተነስተን የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ ዞረን ነጥቡ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገን አንግል ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ካልኩሌተሩ ላይ tan⁻¹(y/x) ብሎ የወጣውን እንዳለ ይወስዳል።

መጀመሪያ ሥዕሉን ሣሉ። ሁለት መስመር፣ አንድ ነጥብ፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። x አሉታዊ ስለሆነ ወደ ግራ፣ y አሉታዊ ስለሆነ ወደ ታች። ነጥባችን ሦስተኛው ኳድራንት ውስጥ ነው፣ አንግሉም ከ180° በላይና ከ270° በታች መሆን አለበት። ይህን ገደብ ከሥዕሉ ጎን ጻፉት፤ በመጨረሻ የምታገኙት θ ከዚህ ገደብ ከወጣ አትቀበሉት።

ከዚያ ምልክቶቹን ትታችሁ መነሻ አንግሉን አስሉ፦

```
α = tan⁻¹(4 / (4√3)) = tan⁻¹(1/√3) = 30°
```

ነጥቡ ሦስተኛው ኳድራንት ስለሆነ፦

```
θ = 180° + 30° = 210° = 7π/6
```

ምልክቶቹን ሳንተው tan⁻¹((-4)/(-4√3)) ብለን ብናስገባስ? አሉታዊ ለአሉታዊ ሲካፈል አዎንታዊ ስለሚሆን ካልኩሌተሩ ያው 30° ይላል። ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም፤ የተካፈለው ውጤት ብቻ ስለደረሰው ነጥቡ አንደኛው ኳድራንት ይሁን ሦስተኛው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። tan⁻¹ መልስ የሚሰጠው ከ-90° እስከ 90° ባለው ውስጥ ብቻ ነው፤ ማለትም ለቀኙ ግማሽ ብቻ። ግራ በኩል ላለ ነጥብ እናንተ ማስተካከል አለባችሁ።

የማስተካከያው ሕግ አጭር ነው። ሁለተኛው ኳድራንት ላይ 180° - α፣ ሦስተኛው ላይ 180° + α፣ አራተኛው ላይ 360° - α፣ አንደኛው ላይ α ራሱ። ነጥቡ አክሲስ ላይ ካረፈ ቀመር አያስፈልግም፤ ሥዕሉን አይታችሁ 0°፣ 90°፣ 180° ወይም 270° ብላችሁ ጻፉ። x = 0 ሲሆን ማካፈሉ ራሱ አይሠራም።

ሁለት የካልኩሌተር ስህተቶች እዚህ ቶሎ ይከሰታሉ። አንደኛው 4 ÷ 4 × √3 ብሎ ያለ ቅንፍ ማስገባት ነው፤ ማሽኑ መጀመሪያ 4ን ለ4 አካፍሎ ከዚያ በ√3 ስለሚያባዛ አንግሉ 60° ሆኖ ይወጣል። ይህን ሥዕሉ ያጋልጠዋል፦ ነጥባችን ወደ ጎን 6.93፣ ወደ ታች 4 ብቻ ስለሄደ ለ x አክሲስ ይቀርባል፣ መነሻ አንግሉ ከ45° ማነስ አለበት። ሁለተኛው ካልኩሌተሩ በራዲያን ላይ ሆኖ 0.5236 ሲሰጥ ከ180 ጋር መደመር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑ አናት ላይ D ወይም R የሚለውን እዩ።

ካልኩሌተራችሁ `Pol(` ካለው x ን እና y ን ለየብቻ ስለሚቀበል ኳድራንቱን ራሱ ይለያል፦

```
Pol(-4√3, -4)   →   r = 8, θ = -150
```

-150° እና 210° አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንድ ሙሉ ዙር ነው። የትኛውን መጻፍ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ወርክሺቱ ነው። "ፕሪንሲፓል አርጉመንት" ከተባለ ወይም በትልቁ A `Arg` ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛው ማስታወሻ ከ-180° በላይ እስከ 180° ያለውን ክልል ስለሚይዝ መልሱ -150° ወይም -5π/6 ነው። ክልሉ 0 ≤ θ < 2π ተብሎ ከተሰጠ 210° ወይም 7π/6 ይጻፋል። እዚህም ፎቶው ላይ ፊደሉ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ክልሉም ከጥያቄው ራስጌ ላይ ተጽፎ ይሁን ማየት ያስፈልጋል። ጥያቄው ብቻ ተቆርጦ ሲላክ መመሪያው ከላይ ይቀራልና።

ሦስቱ ኩብ ሩቶች

አሁን z በፖላር መልክ ይህ ነው፦

```
z = 8(cos 210° + i sin 210°)
```

የምንፈልገው w³ = z የሚያደርገውን w ሁሉ ነው። ኮምፕሌክስ ቁጥር ሲባዛ ሞዱለሱ ይባዛል፣ አርጉመንቱ ይደመራል። ስለዚህ w በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ሞዱለሱ ኩብ ይሆናል፣ አንግሉ በ3 ይባዛል። ወደ ኋላ ስንመለስ የሞዱለሱን ኩብ ሩት እንወስዳለን፣ አንግሉን ለ3 እናካፍላለን።

የሞዱለሱ ጉዳይ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ∛8 = 2። ሞዱለሱንም እንደ አንግሉ ለ3 አካፍሎ 2.667 የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም፤ 2.667ን ኩብ ብታደርጉት 18.97 ገደማ ስለሚሆን ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

አንግሉ ላይ ግን ቆም እንበል፤ የሩቶቹ ሦስት መሆን የሚመጣው ከዚህ ነው። የ z ን አቅጣጫ 210° ብለን ብንጠራው፣ አንድ ዙር ጨምረን 570° ብንለው፣ ሁለት ዙር ጨምረን 930° ብንለው ያው አንድ ነጥብ ላይ ነን። ለ3 ሲካፈሉ ግን ሦስቱ ስሞች ሦስት የተለያየ ቦታ ይሄዳሉ፦

```
k = 0:   (210° +   0°) / 3 =  70°
k = 1:   (210° + 360°) / 3 = 190°
k = 2:   (210° + 720°) / 3 = 310°
```

k = 3 ብትሞክሩ 1290° ÷ 3 = 430° ይመጣል፤ ይህም 70° ሲደመር አንድ ሙሉ ዙር ነው። ወደ መጀመሪያው ሩት ተመልሰናል። ለዚህ ነው k ከ0 እስከ 2 የሚሄደው፣ ከዚያ በላይ አዲስ ነገር የለም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። 360° የሚደመረው ከማካፈሉ በፊት ነው። መጀመሪያ 210° ÷ 3 = 70° ብሎ ከዚያ 360° የሚደምር ሰው 70°፣ 430°፣ 790° ይጽፋል፤ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይመስላሉ፣ ወደ a + bi ሲለወጡ ግን ሦስቱም አንድ ሆነው ይወጣሉ። ሦስት ሩቶቻችሁ እኩል ከሆኑ የተሳሳታችሁት እዚህ ነው። ካካፈላችሁ በኋላ መደመር ከፈለጋችሁ የምትደምሩት 120° ነው፣ ማለትም 360° ÷ 3።

ከ-150° ብንነሳስ? -50°፣ 70°፣ 190° እናገኛለን። -50° እና 310° አንድ ስለሆኑ ሦስቱ ሩቶች ያው ናቸው፤ የተለወጠው የተጻፉበት ተራ ብቻ ነው። ጓደኛችሁ ከ-150° ተነስቶ ከሠራ መልሱ ከእናንተ የተለየ መስሎ ይታያልና ከመከራከራችሁ በፊት አሉታዊውን አንግል 360° ደምሩበት። በራዲያን ለሚፈልግ ወርክሺት 7π/18፣ 19π/18 እና 31π/18 ናቸው።

ወደ a + bi መለወጥ

ካልኩሌተሩ በዲግሪ ላይ መሆኑን እንደገና አረጋግጣችሁ እያንዳንዱን አንግል አስገቡ፦

```
w0 = 2(cos 70°  + i sin 70°)  ≈  0.6840 + 1.8794i
w1 = 2(cos 190° + i sin 190°) ≈ -1.9696 - 0.3473i
w2 = 2(cos 310° + i sin 310°) ≈  1.2856 - 1.5321i
```

እዚህ ላይ "ትክክለኛው የራዲካል መልክ የቱ ነው?" ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ ይኖራል። cos 70° ከ sin 20° ጋር እኩል ነው፤ 20° ደግሞ እንደ 30° ወይም 45° በስኩዌር ሩት ብቻ ተጽፎ የሚያልቅ አንግል አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ 2(cos 70° + i sin 70°) ብሎ መተው ነው፤ a + bi ከተጠየቀ ደግሞ በአራት አሃዝ አስርዮሽ መጻፍ። አንግሉን ወደ 60° ወይም ወደ 75° አስጠግቶ "ቆንጆ" ቁጥር ለማውጣት መሞከር መልሱን ያበላሻል።

ሁሉም ሩቶች እንዲህ ሸካራ ናቸው ማለት አይደለም። ወርክሺታችሁ ላይ z = -2 + 2i ካለ r = √8 = 2√2 ነው፣ ኩብ ሩቱም √2 ይሆናል፤ √2 × √2 × √2 = 2√2 ነውና። ነጥቡ ሁለተኛው ኳድራንት ስለሆነ θ = 180° - 45° = 135°፣ ሩቶቹም በ45°፣ በ165° እና በ285° ላይ ናቸው። የመጀመሪያው 1 + i ሆኖ ይወጣል፤ የቀሩት ሁለቱም በ√3 ይጻፋሉ፦

```
w0 = 1 + i
w1 = -(√3 + 1)/2 + ((√3 - 1)/2)i
w2 = (√3 - 1)/2 - ((√3 + 1)/2)i
```

የሚለየው አንግሉ ለ3 ከተካፈለ በኋላ የት እንዳረፈ ነው። የ15° ብዜት ከሆነ ራዲካል ይፈለጋል፤ እንደ 70° ወይም 190° ያለ ከሆነ ኮሳይንና ሳይኑ እንዳለ ይቀመጣል።

ማረጋገጥ፤ የትኛው ምርመራ የትኛውን ስህተት ይይዛል

ሦስቱ ሩቶች ከመነሻው እኩል ርቀትና በመካከላቸው እኩል 120° ስላላቸው ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ። ይህን ለመሞከር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፦

```
0.6840 - 1.9696 + 1.2856 =  0.0000
1.8794 - 0.3473 - 1.5321 =  0.0000
```

በማጠጋጋት ምክንያት የመጨረሻው አሃዝ በ1 ወይም በ2 ቢዛነፍ ችግር የለውም። ድምሩ ከዜሮ በግልጽ ከራቀ ግን አንዱ ሩት ላይ ምልክት ተገልብጧል፣ አንዱ አንግል ተዛብቷል፣ ወይም ካልኩሌተሩ በራዲያን ላይ ነበር። የራዲያኑ ስህተት አታላይ ነው፤ cos 70 እና sin 70 በራዲያን ሲሰሉ ለ w0 1.2666 + 1.5478i ይሰጣሉ፣ የዚህም ሞዱለስ ያው 2 ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል። ሦስቱን ስትደምሩ ግን ዜሮ አይመጣም።

ይሁንና ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። ኳድራንቱን ሳያስተካክል 30° ይዞ የሄደ ተማሪ ሩቶቹን በ10°፣ በ130° እና በ250° ያገኛል። እነሱም በ120° ተራርቀው ስለተቀመጡ ድምራቸው ዜሮ ነው። የሌላ ቁጥር፣ ማለትም የ4√3 + 4i፣ ፍጹም ትክክል የሆኑ ሩቶች ናቸው። 2.667 የጻፈውም እንዲሁ ያልፋል።

እነዚህን የሚይዘው አንዱን ሩት ወስዶ ኩብ ማድረግ ነው። w0 ን በእጅ እንሥራው፣ መጀመሪያ ስኩዌር፦

```
w0² = (0.6840² - 1.8794²) + 2(0.6840)(1.8794)i
    ≈ -3.0643 + 2.5710i
```

ከዚያ አንዴ እንደገና በ w0 ማባዛት። ሪል ክፍሉ (-3.0643)(0.6840) - (2.5710)(1.8794) ≈ -6.928 ነው፣ ይህም -4√3 ነው። ኢማጂናሪው (-3.0643)(1.8794) + (2.5710)(0.6840) ≈ -4.000 ነው። ሁለቱም ከነምልክታቸው ተመለሱ። የኳድራንት ስህተት ቢኖር ኖሮ 6.928 እና 4.000 አዎንታዊ ሆነው ይመጡ ነበር። i² = -1 መሆኑን ረስቶ በሁለተኛው ማባዛት ላይ ያለውን መቀነስ መደመር ማድረግ እዚህ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ካልመጣ ሩቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ማባዛቱን ድገሙ።

fx-991ES ያለው ሰው `MODE` ከዚያ `2` ብሎ `CMPLX` ውስጥ ገብቶ ሩቱን በቅንፍ አስገብቶ `x³` መጫን ይችላል፤ i ን የሚያስገባው የ`ENG` ቁልፍ ነው። ኩብ ሩቱን ራሱን ግን ከዚህ ማሽን አትጠብቁ፤ በዚህ ሞድ ሦስቱን ሩቶች ዘርዝሮ የሚሰጥ ቁልፍ የለውም።

አንድ ሩት ኩብ ተደርጎ z ከመለሰ፣ ሦስቱም ተደምረው ዜሮ ከሆኑ፣ አንግሎቹም በ120° ከተራራቁ ስሌቱ ላይ የቀረ ጥርጣሬ የለም። የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ እነዚህ ምርመራዎች የሚያረጋግጡት ደብተራችሁ ላይ ለጻፋችሁት z ነው። ፎቶው ላይ የነበረው 4√3 - 4i ቢሆንና እናንተ እጥፋቱን መቀነስ ብላችሁ አንብባችሁት ቢሆን ሁሉም ምርመራ ያልፋል፣ መልሱ ግን ስህተት ነው። ለአራቱ የምልክት አማራጮች የሩቶቹ አንግሎች እነዚህ ናቸው፤ ሞዱለሳቸው ሁሉም 2፦

```
 4√3 + 4i  (θ =  30°):   10°, 130°, 250°
-4√3 + 4i  (θ = 150°):   50°, 170°, 290°
-4√3 - 4i  (θ = 210°):   70°, 190°, 310°
 4√3 - 4i  (θ = 330°):  110°, 230°, 350°
```

አንድም አንግል ሁለት ቦታ አልተደገመም። በአንዲት ምልክት የተሳሳተ አነባበብ ከሦስቱ ሩቶች አንዱን እንኳ አያተርፍም ማለት ነው። ስለዚህ ግሩፑ ላይ የጓደኛችሁ ሦስት መልሶች ከእናንተ ሙሉ በሙሉ ሲለዩ ሞዱለሱ ግን ሲስማማ፣ ስሌት ከመፈተሻችሁ በፊት ሁለታችሁም z ን እንዴት እንዳነበባችሁ ተነጋገሩ።

ዋናው ወረቀት ካልተገኘና ምልክቱ ከፎቶው ሊለይ ካልቻለ፣ መልሱን ስታስረክቡ በመጀመሪያው መስመር ላይ "z = -4√3 - 4i ተብሎ ተነብቧል" ብላችሁ ጻፉ። መምህሩ ከወርክሺቱ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱ ከአነባበብ እንጂ ከስሌት እንዳልመጣ በአንድ እይታ ይረዳል።